አንድ የአልጀብራ ወረቀት፣ ሦስት መነሻ፣ ሃምሳ ተማሪ

አሰቦት ውስጥ ባለ አንድ የዘጠነኛ ክፍል ጥቁር ሰሌዳ ላይ 5x + 5 = 3x + 19 የሚል እኩልዮሽ ተጽፏል እንበል። መምህሩ «ሥሩ» ብሎ ጠመኔውን ሲያስቀምጥ ሃምሳዎቹ ተማሪዎች አንድ ሥራ አይጀምሩም። አንዷ በአራት መስመር x = 7 ላይ ደርሳ ታሰምርበታለች፤ ከዚያ በኋላ የምትሠራው ስለሌላት ወደ ጎረቤቷ ደብተር ትዞራለች። ሁለት ዴስክ አለፍ ብሎ የተቀመጠው ልጅ 3xንም 5ንም አሻግሯል፤ ምልክታቸውን ግን አልቀየረም። 8x = 24 ብሎ x = 3 አግኝቷል፤ የሚያርመው ሰው እስኪመጣ ድረስ በትክክል የሠራ መስሎት ይቀመጣል። ጥግ ላይ ያለችው ልጅ ደግሞ 5x + 5ን «ደምራ» 10x አድርጋዋለች። የእሷ ችግር ከማሻገሩ በፊት ነው፤ x ምን እንደሚወክል ገና አልገባትም።

የዚህ ንግግር ጉዳይ እነዚህ ሦስት ልጆች ናቸው። መምህሩ ሦስት ትምህርት ማዘጋጀት አይችልም፤ ማዘጋጀትም የለበትም። አንዱን የመልመጃ ወረቀት ግን በሦስት መልክ ማዘጋጀት ይችላል። ያ እንዴት እንደሚሠራ፣ የት ላይ እንደሚበላሽና መበላሸቱ በምን እንደሚታወቅ በአንድ ወረቀት ላይ ደረጃ በደረጃ ማየት ይበጃል።

በምዕራብ ሐረርጌ የአንድ ክፍል ልጆች እንዲህ የሚራራቁበት ምክንያት ብዙ ነው። ከጭሮ እስከ ሚኤሶ ባለው መንገድ ዳር ያሉ ከተሞች የነጋዴውን፣ የገበሬውን፣ የአርብቶ አደሩንና የመንግሥት ሠራተኛውን ልጅ በአንድ ዴስክ ያስቀምጣሉ። አንዱ ስምንተኛ ክፍልን በአፋን ኦሮሞ ጨርሷል፣ ሌላው በአማርኛ፤ ዘጠነኛ ክፍል ሲገቡ ግን የሂሳብ መጽሐፉ ለሁሉም በእንግሊዝኛ ነው። በገበያ ቀን ወይም በአዝመራ ሰሞን የሚቀር ልጅ ደግሞ በተመለሰ ቁጥር የጎደለው አንድ ምዕራፍ ብቻ አይደለም። አልጀብራ እርስ በርሱ የተያያዘ ነው፤ የኔጋቲቭ ቁጥር ሳምንት ያመለጠው ልጅ በእኩልዮሽም ሳምንት ይቸገራል። በኢትዮጵያ ለአንድ ክፍል ሲጠቀስ የኖረው መለኪያ በአንደኛ ደረጃ 50፣ በሁለተኛ ደረጃ 40 ተማሪ ነው። ሃምሳ ልጅ ያለበት የዘጠነኛ ክፍል እንግዲህ ከመነሻው ከመለኪያው በላይ ነው።

ወረቀቱን ከማዘጋጀት በፊት የሚቀድም አንድ ሥራ አለ፤ ማን የት እንዳለ ማወቅ። ብዙ መምህር ይህን በሴሚስተሩ ውጤት ይወስናል፤ ከ100 ውስጥ 40 ያመጣው አንድ ወገን፣ 70 ያመጣው ሌላ ወገን። ውጤት ግን ልጁ ምን ያህል እንደጎደለው እንጂ ምን እንደጎደለው አይናገርም። ሁለት ልጆች እኩል 40 አምጥተው አንዱን ያሰናከለው ኔጋቲቭ ቁጥር፣ ሌላውን ያሰናከለው ቅንፍ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ወረቀቱ ከመታደሉ በፊት ባለው ቀን፣ ከክፍለ ጊዜው የመጨረሻ አሥር ደቂቃ ተወስዶ አምስት ጥያቄ ሰሌዳ ላይ ይጻፋል፤ ልጆቹም ከደብተር በተቀደደ ወረቀት ላይ ይሠሩታል። ማርክ የለውም፤ ይህም አስቀድሞ ይነገራቸዋል፤ ማርክ ካለው ኩረጃ ይገባበታል፣ የተኮረጀ ወረቀት ደግሞ ለዚህ ሥራ አይጠቅምም።

አምስቱ ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው፦

8 + 4 = □ + 5
−6 + 2 = □
3x = 21
3x + 5 = 26
2(x + 3) = 20

የመጀመሪያው ለዘጠነኛ ክፍል ሕፃናዊ ይመስላል። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1999 በታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ይኸው ጥያቄ ለ145 የስድስተኛ ክፍል ልጆች ቀርቦ ሁሉም 12 ወይም 17 ብለው መልሰዋል። 7 ያለ አንድም ልጅ አልነበረም። 12 ያለው ልጅ የእኩል ምልክቱን «ውጤቱ ቀጥሎ ይጻፋል» የሚል ትእዛዝ አድርጎ ያነበዋል፤ 17 ያለው ደግሞ ያየውን ቁጥር ሁሉ ደምሯል። ምልክቱ ግራና ቀኙ እኩል መሆናቸውን እንደሚናገር ያልገባው ልጅ 5x + 5 = 3x + 19 ሲመጣበት በስተቀኝ ያለው 3x እዚያ ምን እንደሚሠራ ሊገባው አይችልም። «ሲሻገር ምልክቱ ይቀየራል» የሚለውን የክፍል ሕግ በቃሉ ይይዘዋል፤ ለምን እንደሚቀየር ስለማያውቅ ግን አንድ ቀን ይቀይራል፣ አንድ ቀን ይረሳል። ሰሌዳው ፊት x = 3 ያለው ልጅም የዚህ ሕግ ሰለባ ነው።

ሃምሳውን ወረቀት ለመለየት ማረም አያስፈልግም፤ በስህተቱ ዓይነት መደርደር ይበቃል። ከመጀመሪያዎቹ አራት ጥያቄዎች በአንዱ የተሰናከለ በወረቀት ሀ ይጀምራል። አራተኛውን ሠርቶ ቅንፉ ላይ የቆመ በወረቀት ለ ይጀምራል። አምስቱንም የጨረሰ ወረቀት ሐ ይደርሰዋል። አንድ ልዩ ጉዳይ ግን አለ። −6 + 2 ላይ ብቻ −8 ወይም 4 ብሎ ሌላውን ሁሉ የሠራ ልጅ እኩልዮሽ ገብቶታል፤ የጎደለው የኔጋቲቭ ቁጥር ነው። እሱን ወረቀት ሀ ላይ ማስቀመጥ ያሰለቸዋል። ወረቀት ለ ተሰጥቶት ከራስጌው ከ−10 እስከ 10 የቁጥር መስመር ቢሰመርለት ይበቃዋል።

አሁን ወደ ወረቀቱ እንምጣ። ልምዱ እንደሚያሳየው ሦስት ወረቀት አዘጋጁ ሲባል ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ለደካማው አምስት ጥያቄ፣ ለመካከለኛው አሥር፣ ለጎበዙ ሃያ ነው። ይህ ችግሩን አይነካውም። ቀድማ የጨረሰችው ልጅ የምታውቀውን ሃያ ጊዜ ትደግማለች፤ ፈጥና በመጨረሷ የተቀጣች ያህል ነው። ወደ ኋላ የቀረው ደግሞ የማያውቀውን አምስት ጊዜ ይሳሳታል። መለወጥ ያለበት የጥያቄው ብዛት አይደለም፤ መልሱ ላይ ለመድረስ ተማሪው ብቻውን የሚራመደው እርምጃ ነው።

ሦስቱን ወረቀት የሚያስተሳስር አንድ ብልሃት አለ፤ መልሱን አንድ ማድረግ። የሦስቱም ወረቀት ጥያቄ 1 መልስ 7፣ የጥያቄ 2 መልስ −3፣ የጥያቄ 3 መልስ 12፣ የጥያቄ 4 መልስ 4 ይሁን። መምህሩ ከመልስ ይነሳና ጥያቄውን ወደ ኋላ ይሠራል። ጥያቄ 1 በወረቀት ሀ 3x + 5 = 26 ነው። በወረቀት ለ 5x + 5 = 3x + 19 ነው፤ እዚህ x በሁለቱም ወገን ስላለ አንድ እርምጃ ተጨምሯል። በወረቀት ሐ 3(x − 1) − (x − 5) = 16 ነው፤ ቅንፍ ገባ፣ ከቅንፉም በፊት የመቀነስ ምልክት መጣ። ሦስቱም x = 7 ላይ ይገናኛሉ። የመምህሩ የመልስ ወረቀት አንድ ብቻ ነው፤ ክፍሉ ውስጥ ሲዘዋወር የማንንም ደብተር በአንድ ዓይን ያያል። ሦስት ልጆች ሦስት የተለያየ ወረቀት ይዘው ስለ አንድ መልስ መነጋገርም ይችላሉ።

ጥያቄ 2 በወረቀት ሀ x + 9 = 6፣ በወረቀት ለ 4x + 9 = x፣ በወረቀት ሐ 2 − 3(x + 1) = 5 − x ነው። ጥያቄ 3 በሀ x/3 = 4፣ በለ x/3 + 2 = 6፣ በሐ x/3 − (x − 4)/4 = 2 ነው። የመጨረሻውን መሥራት የሚፈልግ ሁለቱንም ወገን በ12 ያባዛል፤ 4x − 3(x − 4) = 24 ይሆናል፣ x = 12 ይወጣል። ቅንፉን ሲፈታ −3 በ−4 ሲባዛ +12 እንደሚሆን የረሳ ልጅ ግን x = 36 ያገኛል። መምህሩ ደብተር ላይ 36ን ሲያይ መስመሮቹን ማንበብ አያስፈልገውም፤ ልጁ የት እንደወደቀ ከቁጥሩ ያውቀዋል። እንዲህ ያሉ የታወቁ ስህተቶች ከመልሱ ጎን በመልስ ወረቀቱ ላይ ቢጻፉ የመምህሩን ጊዜ በእጅጉ ይቆጥባሉ። በወረቀት ለ ጥያቄ 1 ላይ x = 3 ማለት ሳይቀየር የተሻገረ ምልክት ነው። በጥያቄ 3 ደግሞ 16 ማለት ሁለቱን ወገን በ3 ሲያባዛ +2ን የዘለለ ልጅ ነው።

ወረቀት ሀ ከሁሉም የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የቀለለ ቁጥር መስጠት ብቻ አይበቃውም፤ ድጋፉ ወረቀቱ ላይ መታተም አለበት፣ ያ ድጋፍ ደግሞ እያደር መቀነስ አለበት። ከ3x + 5 = 26 ሥር 3x = 26 − ___ ከዚያም x = ___ ÷ 3 የሚሉ መስመሮች ይሰጣሉ፤ ልጁ ባዶውን ይሞላል። በጥያቄ 2 ላይ አንድ ባዶ መስመር ብቻ ይቀራል። ጥያቄ 3 ላይ ምንም አይሰጥም። ሦስቱም ላይ ባዶ ቦታ ከተሰመረ ልጁ ባዶ መሙላት እንጂ እኩልዮሽ መፍታት አይማርም፤ በፈተና ቀን ባዶ ቦታው ሲጠፋ እሱም አብሮ ይጠፋል።

x ምን እንደሚወክል ለማስረዳት በአሰቦት ገበያ የማይታጣው ሚዛን ጥሩ ረዳት ነው። በአንዱ ወገን ሦስት እኩል የበቆሎ ከረጢትና 5 ኪሎ፣ በሌላው ወገን 26 ኪሎ ተቀምጦ ሚዛኑ ቀጥ ብሏል። ከሁለቱም ወገን 5 ኪሎ ሲወርድ ሚዛኑ አይናጋም፤ ሦስት ከረጢት 21 ኪሎ ይመዝናል፣ አንዱ 7። «ሲሻገር ምልክቱ ይቀየራል» የተባለው ሕግ እዚህ ላይ ምክንያት ያገኛል፤ 5 ኪሎው የትም አልተሻገረም፣ ከሁለቱም ወገን ነው የወረደው።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ይበላሻል። አንደኛው፣ መምህሩ «x ከረጢት ነው» ካለ ልጁ ፊደሉን የዕቃው አጭር ስም አድርጎ ይይዘዋል። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የተካሄደ ትልቅ የሂሳብ ትምህርት ጥናት ብዙ ልጆች ፊደልን እንደ ዕቃ እንደሚያነቡ አሳይቷል፤ 3x + 5ን 8x የሚያደርግ ልጅም ከረጢትና ኪሎ አብሮ እየቆጠረ ነው። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ «በአንድ ከረጢት ውስጥ ያለው በቆሎ x ኪሎ ይሁን» ተብሎ በሙሉ ዓረፍተ ነገር መጻፍ አለበት፤ x ቁጥር ነው። ሁለተኛው፣ ሚዛኑ የሚያገለግለው እስከ ጥያቄ 1 ነው። x + 9 = 6 ላይ ከረጢቱ −3 ኪሎ ሊመዝን አይችልም። መምህሩ እዚያ ሲደርስ ሚዛኑን ትቶ ወደ ቁጥር መስመር ካልሄደ፣ ቅድም የገባቸው ልጆች ራሳቸው ይደናገራሉ።

መልሶቹ በየወረቀቱ ግርጌ ቅደም ተከተላቸው ተዘበራርቆ፣ አንድ የማይሆን ቁጥር ተጨምሮበት ይታተማሉ፦ 12፣ 4፣ 9፣ −3፣ 7። ልጁ ያገኘው ቁጥር እዚያ ከሌለ እጁን አውጥቶ መምህሩን ሳይጠብቅ ወደ ሥራው ይመለሳል። ሃምሳ ተማሪ ባለበት ክፍል ይህ ትልቅ እፎይታ ነው፤ ነገር ግን የተደበቀ ወጥመድ አለው። ከላይ የተጠቀሰውን የወረቀት ሐ ጥያቄ 1፣ 3(x − 1) − (x − 5) = 16ን እንይ። ብዙ ልጅ የሚሠራው ስህተት −(x − 5)ን −x − 5 ማድረግ ነው። ያኔ 2x − 8 = 16፣ x = 12 ይወጣል። 12 ደግሞ የጥያቄ 3 መልስ ስለሆነ ግርጌው ላይ ተጽፏል። ልጁ ቁጥሩን አየው፣ ረክቶ አለፈ፤ ስህተቱንም ወረቀቱ ራሱ አጸደቀለት። ጥያቄው 4(x − 1) − (x − 5) = 22 ቢሆን ትክክለኛው መልስ ያው 7 ነው፤ የተሳሳተው መንገድ ግን 3x = 31 ላይ ያደርሳል፣ 31 ደግሞ ለ3 አይካፈልም። ልጁ ያኔውኑ ይጠረጥራል። ወረቀት የሚያዘጋጅ መምህር ከማባዛቱ በፊት ጥያቄዎቹን ሁለት ጊዜ መሥራት አለበት፤ አንዴ በትክክለኛው መንገድ፣ አንዴ ተማሪው በሚሳሳትበት መንገድ። ይህ ሥራ ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ ነው፤ የሚያስቀረው ስህተት ግን የብዙ ልጅ ነው።

ወረቀት ራሱ ገንዘብ ነው። እያንዳንዱ መልክ ከኤ-ፎር ግማሽ ላይ ይበቃል፤ ለሃምሳ ልጅ 25 ገጽ ማለት ነው። ሁለት ልጅ አንዱን ግማሽ ቢጋራ 13 ገጽ ይበቃል። ማባዣው ሲበላሽ ወይም መብራት ሲጠፋ ጥቁር ሰሌዳውን በሁለት መስመር ሦስት ቦታ ከፍሎ ሀ፣ ለ፣ ሐ ብሎ መጻፍ ይቻላል። አራት ጥያቄ ብቻ የሆነበት አንዱ ምክንያትም ይህ ነው፤ አሥር ጥያቄ ከሰሌዳ ሲገለበጥ ክፍለ ጊዜው በመገልበጥ ያልቃል።

ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ነው እንበል። የመጀመሪያው ስምንት ደቂቃ የሁሉም ነው፤ ሚዛኑ ሰሌዳ ላይ ይሳላል፣ አንድ እኩልዮሽ አብሮ ይሠራል። የመጨረሻው አሥር ደቂቃም የሁሉም ነው። በመካከል 22 ደቂቃ ይቀራል፤ ለሃምሳ ልጅ ቢካፈል ለእያንዳንዱ 26 ሰከንድ ነው። በ26 ሰከንድ ማንንም ማስተማር አይቻልም፤ ስለዚህ መምህሩ ጊዜውን እኩል ለማካፈል ባይሞክር ይሻላል። የመለያው ጥያቄ 21 ልጆችን ወደ ሀ፣ 19ን ወደ ለ፣ 10ን ወደ ሐ መደበ እንበል። በአንድ ዴስክ ሦስት ሲቀመጡ ወረቀት ሀ የያዙት ሰባት ዴስክ ናቸው። መምህሩ 12 ደቂቃ ለእነሱ ቢሰጥ ለአንድ ዴስክ ከአንድ ደቂቃ ተኩል በላይ ይደርሰዋል፤ በዚህ ጊዜ የሦስት ልጅ ደብተር አይቶ አንድ ነገር ማሳየት ይቻላል። የቀረው አሥር ደቂቃ ለወረቀት ለ እና ሐ ነው፤ እነሱን እስከዚያው የያዛቸው ግርጌው ላይ ያለው መልስና መልሱን ወደ ጥያቄው መልሶ አስገብቶ ማረጋገጥ ነው። 5 × 7 + 5 = 40፣ 3 × 7 + 19 = 40፤ እኩል ሆነ። ይህ የማረጋገጫ መስመር ያልተጻፈበት መልስ እንዳልተሠራ ቢቆጠር ኩረጃም ይቀንሳል፤ ከሌላ ወረቀት ላይ 7ን መገልበጥ ቀላል ነው፣ በራስ ጥያቄ ላይ ማረጋገጥ ግን ሥራውን መሥራት ነው።

አራተኛው ጥያቄ ሦስቱንም ወገን መልሶ ይሰበስባል፤ ታሪኩ አንድ ነው። ከድር 50 ብር አለው፣ በየቀኑ 5 ብር ይቆጥባል። ሐዋ 30 ብር አላት፣ በየቀኑ 10 ብር ትቆጥባለች። ከስንት ቀን በኋላ እኩል ብር ይኖራቸዋል? ወረቀት ሀ ሰንጠረዥ ይሰጣል፤ ዜሮኛው ቀን 50 እና 30፣ አንደኛው ቀን 55 እና 40፣ ከዚያ ወዲያ ያለውን ልጁ ይሞላል። አራተኛው ቀን ላይ 70 እና 70 ይገናኛሉ። ወረቀት ለ እኩልዮሹን እንዲጽፍ ይጠይቀዋል፦ 50 + 5x = 30 + 10x። ወረቀት ሐ መልሱን ካገኘ በኋላ ሌላ ጥያቄ ይጨምርበታል፤ ሐዋም በየቀኑ 5 ብር ብቻ ብትቆጥብስ? 50 + 5x = 30 + 5x ይሆናል፣ 50 = 30 ላይ ይደርሳል። ልጁ መጀመሪያ የተሳሳተ ይመስለዋል። መልስ የሌለው እኩልዮሽ መኖሩን የሚያውቀው በዚህ ጊዜ ነው፤ ከሐዋና ከከድር ብር አንጻር ደግሞ ነገሩ ግልጽ ነው፤ የ20 ብሩ ልዩነት መቼም አይጠብም።

በመጨረሻው አሥር ደቂቃ ከየወረቀቱ አንድ ልጅ ሰሌዳው ላይ ይወጣል። ሰንጠረዡን የሞላው ይጽፋል፣ ከጎኑ እኩልዮሹን የፈታችው ትጽፋለች፤ ሁለቱም 4 ይላሉ። ሰንጠረዥ የሞላው ልጅ 50 + 5x የራሱ ሰንጠረዥ አንድ ዓምድ መሆኑን እዚያው ያያል። ወረቀቶቹ በአንድ ታሪክ ባይገናኙ ኖሮ ይህ ጊዜ አይኖርም ነበር፤ አንድ ክፍል ውስጥ ሦስት የተለያየ ትምህርት ይሆን ነበር።

ቋንቋው የተለየ ቃል ይሻል። የአሰቦት ልጅ በቁጥር የተጻፈውን ፈትቶ በቃላት የተጻፈው ላይ ቢቆም የአልጀብራ ችግር አለበት ማለት አይደለም። በእንግሊዝኛው መጽሐፍ «ከአንድ ቁጥር 6 ያነሰ» የሚለው ሐሳብ 6ን አስቀድሞ ይናገራል፤ ልጁም ያነበበውን በቅደም ተከተል ገልብጦ 6 − x ይጽፋል፣ መሆን የነበረበት x − 6 ነው። ለዚህ ነው የመለያው አምስት ጥያቄ በቁጥርና በምልክት ብቻ የተጻፈው። አራተኛው ጥያቄ ግን በእንግሊዝኛ ይጻፍ፤ ፈተናው በእንግሊዝኛ ስለሆነ ልጁ ቋንቋውን መላመድ አለበት። መምህሩ ግን ታሪኩን አንድ ጊዜ በአፋን ኦሮሞ፣ አንድ ጊዜ በአማርኛ ጮክ ብሎ ሊናገረው ይገባል። ሁለት ደቂቃ ይፈጃል። ከዚያ በኋላም ያልሠራው ልጅ ችግሩ እውነት የሂሳብ ነው ማለት ይቻላል።

ወላጆች አጥብቀው የሚጠይቁት ስለ ፍትሕ ነው፤ ጥያቄያቸውም ተገቢ ነው። ልጄ ለምን ቀላሉ ወረቀት ተሰጠው? ቀላል ወረቀት ሠርቶ ከሌላው እኩል ማርክ ያገኛል ወይስ ያነሰ? ለዚህ አንድ ቁርጥ ያለ አሠራር ያስፈልጋል። እነዚህ ወረቀቶች ማርክ አይያዝባቸውም፤ የመማሪያ ናቸው። ማርክ የሚያዝበት ፈተና ለሁሉም አንድ ነው፣ ደረጃውም የወረቀት ለ ነው። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና በሦስት መልክ አይመጣም፤ በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ያህል ብቻ እንደነበሩ አገሩ ሁሉ ያውቃል። ወረቀት ሀ ላይ ዓመቱን ሙሉ የሚቀመጥ ልጅ ከዚያ ፈተና ፊት ባዶ እጁን ይቆማል። ስለዚህ ወረቀቱ የልጁ መታወቂያ ሊሆን አይገባም። ከእያንዳንዱ ንዑስ ምዕራፍ በፊት የመለያው ጥያቄ ይደገማል፤ በእኩልዮሽ ሀ የነበረው በግራፍ ለ ሊሆን ይችላል። በዚያው ቀንም ቢሆን ጥያቄ 3ን ያለ ድጋፍ ሠርቶ ያረጋገጠ ልጅ ወረቀት ለ ተነሥቶ ይሰጠዋል።

ከመምህራን ክፍል የተለመዱት «ፈጣን፣ መካከለኛ፣ ዘገምተኛ» የሚሉት ስሞች ወረቀት ላይ ባይታተሙ ይመረጣል። ልጆች የትኛው ወረቀት እንደሚቀል ማወቃቸው አይቀርም፤ ያንን መደበቅ አይቻልም፣ መሞከሩም አያስፈልግም። የሚጎዳው ስሙ ሲጣበቅ ነው። በሪፖርት ካርድ ላይ «ደረጃ» ማለት ከክፍል ስንተኛ ወጣ ማለት ስለሆነ፣ «ደረጃ ሦስት» የሚል ወረቀት ይዞ ቤት የገባ ልጅ ሦስተኛ የወጣ ሊመስልም ይችላል።

ተማሪዎችን እንደ ችሎታቸው መለየት ደካሞቹን ይጎዳል የሚል ስጋት በየአገሩ አለ። በኬንያ በ121 አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ጥናት በቀደመ ውጤታቸው ተለይተው የተማሩ ልጆች ተደባልቀው ከተማሩት የተሻለ እንደሠሩ፣ ከታች ያሉትም አብረው እንደተጠቀሙ አሳይቷል። መምህሩ ትምህርቱን ፊቱ ላሉት ልጆች ልክ ማስተካከል መቻሉ አንዱ ማብራሪያ ነበር። ሆኖም እነዚያ ትምህርት ቤቶች ተጨማሪ መምህር ተቀጥሮላቸው ክፍሉ ለሁለት ተከፍሎ ነበር። አንድ መምህር ላለው የአሰቦት ክፍል ያንን እንዳለ መገልበጥ አይቻልም። እዚህ የሚቻለው ልጆቹን ሳይሆን ሥራውን መለየት ነው፤ ለዚያም በክፍለ ጊዜው መሐል ለ22 ደቂቃ ብቻ።

ለሰባት ክፍለ ጊዜ ሰባት ሦስት-መልክ ወረቀት ማዘጋጀት አንድን መምህር ያደክማል። በትምህርት ቤቱ ሦስት የሂሳብ መምህራን ካሉ ሥራውን በምዕራፍ መከፋፈል ይችላሉ፤ አንዱ ያዘጋጀውን ሌላው ተማሪ ሆኖ፣ ሆን ብሎ እየተሳሳተ ይሠራዋል። እንደ x = 12 ያሉ ወጥመዶች በብዛት የሚገኙት በዚህ መንገድ ነው። ወረቀቱ ከመልስ ተነሥቶ ስለተሠራ በሚቀጥለው ዓመት 7ን በ8፣ −3ን በ−5 ተክቶ አዲስ ማድረግ ቀላል ነው፤ 3x + 5 = 26 የነበረው 3x + 5 = 29 ይሆናል። መልሱ በተቀየረ ቁጥር ግን የተሳሳተው መንገድ የት እንደሚያደርስ እንደገና መሠራት አለበት፣ ግርጌው ላይ ካሉት ቁጥሮች በአንዱ ላይ ሊያርፍ ይችላልና።